52,000 እርምጃ ወደ ሁለት እንዴት ይወርዳል?

እነዚህን ሦስት እኩልታዎች ወረቀታችሁ ላይ ገልብጡ። ረዘም ላለ ጊዜ አብረውን ይቆያሉ።

```
  2x₁ +   10x₂ +   100x₃ =   700
 10x₁ +  200x₂ +  1000x₃ =  8000
100x₁ + 1000x₂ + 20000x₃ = 90000
```

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ x₁ = 100፣ x₂ = 20፣ x₃ = 3። ተክታችሁ አረጋግጡ። እኩልታዎቹ ሦስት ብቻ ስለሆኑ በትምህርት ቤት በለመድነው መንገድ፣ ያልታወቁትን ቁጥሮች ተራ በተራ እያጠፉ፣ እዚህ መልስ ላይ መድረስ ይቻላል። በአንድ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን ሙቀት የሚያሰላ መሐንዲስ ግን የሚገጥመው መቶ ሺህ፣ አንዳንዴም ሚሊዮን እኩልታ ነው። እያንዳንዱ እኩልታ የሚይዘው አምስት ወይም ሰባት ቁጥር ሲሆን የቀረው ሁሉ ዜሮ ነው። ማጥፋት ሲጀመር እነዚያ ዜሮዎች በቁጥር እየተሞሉ ይሄዳሉ፤ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ይጨናነቃል፤ ሥራውም ይረዝማል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ይመረጣል። አንድ ግምት ይዞ መነሳት፣ ምን ያህል እንደጎደለ ማየት፣ ግምቱን ማረም፣ ከዚያ ደግሞ ማየት።

የዚህ መንገድ ቀላሉ ዓይነት በ1910 ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ያቀረበው ነው። እኩልታዎቹን ባጭሩ Ax = b ብለን እንጻፋቸው፤ A የቁጥሮቹ ማትሪክስ፣ b የቀኝ እጁ ዓምድ ነው። በእጃችን ያለው ግምት x ከሆነ የጎደለው r = b − Ax ነው፤ ይህን «ቀሪ» እንበለው። ቀሪውን ω በምትባል አንዲት ቁጥር አባዝተን ግምቱ ላይ እንጨምራለን፦

```
አዲሱ x = x + ω·r
```

አንዱ እርምጃ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ ስንት እርምጃ ያስፈልጋል የሚል ነው።

ለመመለስ ስህተቱን እንከታተል። ስህተት ስል በግምታችን እና በእውነተኛው መልስ መካከል ያለውን ልዩነት ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ሲሜትሪክ ማትሪክስ የራሱ የሆኑ ልዩ አቅጣጫዎች አሉት። በእነዚህ አቅጣጫዎች ላይ ያለ ቬክተር በ A ሲባዛ መስመሩን አይለቅም፤ የሚለወጠው ርዝመቱ ብቻ ነው። ርዝመቱ የሚባዛበት ቁጥር አይገን ዋጋ ይባላል፤ ምልክቱም λ ነው። ስህተቱን በእነዚህ አቅጣጫዎች ከፋፍለን ብናየው፣ አንድ የሪቻርድሰን እርምጃ እያንዳንዱን ክፍል በ (1 − ωλ) ያባዛዋል። ይህችን ትንሽ አባባል በደንብ ያዟት፤ የቀረው ትምህርት በሙሉ ከእሷ ይወጣል። ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ የቀረበበት አቅጣጫ ስህተቱ ቶሎ ይጠፋል። ወደ 1 የቀረበበት ደግሞ ሳይነካ ይቀራል። ከ1 ወይም ከ−1 ያለፈበት ስህተቱ ጭራሽ እያደገ ይሄዳል።

የእኛ ማትሪክስ ሦስት አይገን ዋጋዎች በግምት 1.33፣ 149.8 እና 20,051 ናቸው። ትልቁ ω እንዳሻን እንዳትሆን ያስገድደናል፤ ከ0.0000997 ገደማ ካለፈች በዚያ አቅጣጫ ስህተቱ ማደግ ይጀምራል። ω 0.0000997 ስትሆን ደግሞ የትንሹ አቅጣጫ ስህተት በእያንዳንዱ እርምጃ የሚባዛው በ 1 − 0.0000997 × 1.33፣ ማለትም በ 0.99987 ነው። በዚህ አካሄድ ስህተቱን ወደ አንድ ሺህኛው ለማውረድ ወደ 52,000 እርምጃ ይፈጃል፤ ያውም ለሦስት እኩልታ። ትልቁ አይገን ዋጋ እርምጃውን ያሳጥራል፤ ትንሹ ደግሞ ረጅም እርምጃ ይፈልጋል። አንዲት ω ሁለቱን ማስታረቅ አትችልም። የትልቁና የትንሹ ጥምርታ ኮንዲሽን ቁጥር ይባላል፤ እዚህ 15,000 ገደማ ነው።

አሁን ቅድመ ማስተካከያ የሚባለውን እናምጣ። ቀሪውን በቀጥታ ግምቱ ላይ ከመጨመር ይልቅ መጀመሪያ A ን በምትመስል፣ ግን ለመፍታት ቀላል በሆነች ማትሪክስ M እናጣራዋለን። Mz = r ን ፈትተን z ን እናገኛለን፤ ግምቱ ላይ የምንጨምረውም ω·z ይሆናል። ቀላሏ M የ A ዲያጎናል ራሷ ናት፤ የያኮቢ ቅድመ ማስተካከያ ትባላለች። በእኛ ምሳሌ ዲያጎናሉ 2፣ 200፣ 20000 ስለሆነ Mz = r ን መፍታት ማለት የቀሪውን ሦስት ቁጥሮች በእነዚህ ማካፈል ነው።

ይህ የአይገን ዋጋዎቹን ምን አደረጋቸው? አሁን ስህተቱን የሚገዛው A ብቻውን መሆኑ ቀርቶ የ M ተገላቢጦሽ ከ A ጋር የተባዛበት ማትሪክስ ሆኗል። የዚህን አይገን ዋጋዎች ለማየት የሚመቸው እያንዳንዱን የ A ቁጥር በረድፉና በዓምዱ ዲያጎናሎች ብዜት ካሬ ሥር ማካፈል ነው፤ አይገን ዋጋዎቹ ያው ናቸው፤ ማትሪክሱም ሲሜትሪክ ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ 10 ን በ √(2 × 200) = 20 ስናካፍል 0.5 ይመጣል። ሁሉንም ብትሠሩ ይህን ታገኛላችሁ፦

```
1    0.5  0.5
0.5  1    0.5
0.5  0.5  1
```

የዚህችን ማትሪክስ አይገን ዋጋዎች ያለ ኮምፒውተር ማግኘት ይቻላል። (1, 1, 1) ን አባዟት፤ (2, 2, 2) ትሆናለች፤ ስለዚህ አንዱ አይገን ዋጋ 2 ነው። (1, −1, 0) ን አባዟት፤ (0.5, −0.5, 0) ትሆናለች፤ 0.5 ተገኘ። (1, 0, −1) ም እንዲሁ 0.5 ትሰጣለች። ከ1.33 እስከ 20,051 ተበታትነው የነበሩት ሦስት ዋጋዎች 0.5፣ 0.5 እና 2 ሆኑ። ኮንዲሽን ቁጥሩ ከ15,000 ወደ 4 ወረደ። በአንዲት ቋሚ ω፣ 0.8 ብንይዝ፣ ስህተቱ በየእርምጃው በ 0.6 ይባዛል፤ ስለዚህ ወደ አንድ ሺህኛው ለማውረድ 14 እርምጃ ይበቃል።

ነገር ግን ከዚህም ማለፍ ይቻላል፤ የአይገን ዋጋዎች መሰባሰብ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አይገን ዋጋዎቹ ሦስት ቢሆኑም የሚለያዩት ዋጋዎች ሁለት ብቻ ናቸው። በአንዱ እርምጃ ω = 0.5 ብንይዝ 1 − 0.5 × 2 = 0 ይሆናል፤ የ2 አቅጣጫ ስህተት በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በሚቀጥለው ω = 2 ብንይዝ 1 − 2 × 0.5 = 0 ይሆናል፤ ሁለቱ የ0.5 አቅጣጫዎች አብረው ይጠፋሉ። በእጃችን እንሥራው።

ከ x = (0, 0, 0) እንነሳ። ቀሪው b ራሱ ነው፦ (700, 8000, 90000)። በዲያጎናሉ ስናካፍል z = (350, 40, 4.5)። ω = 0.5 ስለሆነ አዲሱ x = (175, 20, 2.25)። ይህን በእኩልታዎቹ ብንተካ በግራ በኩል 775፣ 8000፣ 82500 ይወጣል፤ ስለዚህ ቀሪው (−75, 0, 7500) ነው። እንደገና በዲያጎናሉ ስናካፍል z = (−37.5, 0, 0.375)። አሁን ω = 2፤ የምንጨምረው (−75, 0, 0.75) ነው። 175 − 75 = 100፤ 20 እንዳለ ይቆያል፤ 2.25 + 0.75 = 3። ትክክለኛው መልስ በሁለተኛው እርምጃ ተገኘ።

ማትሪክሷን ከየት እንዳመጣኋት ብነግራችሁ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ያልታወቁት ሦስቱ ርዝመቶች ናቸው እንበል፦ የመጀመሪያው በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው በሴንቲሜትር፣ ሦስተኛው በዴሲሜትር የተለኩ። 100 ሚሊሜትር፣ 20 ሴንቲሜትር፣ 3 ዴሲሜትር። ሁሉንም በሚሊሜትር ጽፈን እኩልታዎቹንም በዚያው ልክ ብናስተካክል፣ ዲያጎናሏ ሁሉ 2፣ ከዲያጎናሏ ውጭ ያለው ሁሉ 1 የሆነች ለስላሳ ማትሪክስ እናገኛለን። 52,000ውን እርምጃ ያስፈጀን የመለኪያዎቹ መደባለቅ ብቻ ነበር። የያኮቢ ማስተካከያ ይህን ማንም ሳይነግረው ከዲያጎናሉ አነበበ። በምህንድስና ስሌት ይህ ዘወትር የሚያጋጥም ነው፤ የአንድን መዋቅር መፈናቀልና መሽከርከር በአንድ ማትሪክስ ውስጥ የሚያስገባ ሰው መለኪያዎቹን ሳያስበው ያደባልቃል።

አንድ ነገር ግን አጭበርብረናል። 0.5 ንና 2 ን ω አድርገን የመረጥነው አይገን ዋጋዎቹን አስቀድመን ስላወቅናቸው ነው። በሚሊዮን እኩልታ ማንም አያውቃቸውም፤ እነሱን መፈለግ እኩልታውን ከመፍታት ይበልጣል። ይህን ችግር የሚያቃልለው ማግነስ ሄስተንስና ኤድዋርድ ሽቲፈል በ1952 ያሳተሙት ኮንጁጌት ግራዲየንት የተባለው ዘዴ ነው። ከ k እርምጃ በኋላ ስህተቱ የሚባዛው በአንድ የ k ዲግሪ ፖሊኖሚያል ነው፤ የእኛዎቹ ሁለት እርምጃዎች ፖሊኖሚያል (1 − 0.5λ)(1 − 2λ) ነበር። ፖሊኖሚያሉ አንድ ግዴታ አለበት፦ λ = 0 ላይ ዋጋው 1 መሆን አለበት። ኮንጁጌት ግራዲየንት በእያንዳንዱ እርምጃ ይህን ግዴታ ከሚያሟሉት ፖሊኖሚያሎች ሁሉ በ A በሚለካው ስህተት የተሻለውን ይይዛል፤ አይገን ዋጋዎቹን ማንም ሳይነግረው። ስለዚህ እኛ በእጃችን የምንሠራው ማንኛውም ጥሩ ፖሊኖሚያል ለእሱ የሥራ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ብሶ አይገኝም። የተለያዩት አይገን ዋጋዎች ሁለት ከሆኑ፣ ማትሪክሱ የሚሊዮን ረድፍ ቢሆንም፣ በሁለት እርምጃ ይጨርሳል።

በተግባር አይገን ዋጋዎቹ አንድ ነጥብ ላይ ተደራርበው አይገኙም፤ ተቀራርበው ይሰባሰባሉ እንጂ። ይህም ይበቃል። ሁሉም ከ0.9 እስከ 1.1 ባለው ውስጥ ናቸው እንበል። (1 − λ) የተባለው ፖሊኖሚያል በዚያ ክልል ከ0.1 አይበልጥም፤ ስለዚህ ስድስት እርምጃ ስህተቱን ቢያንስ ወደ ሚሊዮንኛው ያወርደዋል።

አሁን አንዱ አይገን ዋጋ ከስብስቡ ተነጥሎ 1000 ላይ ቢቀርስ? ለእሱ ብቻ (1 − λ/1000) የሚል አባዢ እንጨምራለን። ይህ አባዢ 1000 ላይ ዜሮ ነው፤ በስብስቡ ላይ ደግሞ ከ1 አይበልጥም፤ ስለዚህ የተገኘውን ውጤት አያበላሽም። አንድ እርምጃ ጨምረን በሰባት እንጨርሳለን። ተነጥሎ የቀረው 0.001 ላይ ቢሆን ግን አባዢው (1 − λ/0.001) ነው። ይህ በስብስቡ ላይ እስከ 1,099 ይደርሳል፤ ያንን ለማካካስ ተጨማሪ እርምጃዎች ያስፈልጋሉ፤ በድምሩ 11። በሁለቱም ጊዜ ኮንዲሽን ቁጥሩ 1,100 አካባቢ ነው፤ በእሱ ብቻ የሚሰላው የተለመደው ጣሪያ ደግሞ 240 እርምጃ ገደማ ይላል። ኮንዲሽን ቁጥር ዳርና ዳሩን ብቻ ይመለከታል፤ በመካከል ያለው አቀማመጥ አይታየውም። ከሁለቱ ዳሮችም ወደ ዜሮ የተጠጋው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፖሊኖሚያሉ 0 ላይ 1 ሆኖ እንዲቆይ ተገድዶ እዚያው አጠገብ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ይጠየቃል። ከላይ ተነጥለው የቀሩ አሥር ዋጋዎች አሥር ያህል እርምጃ ሲጨምሩ፣ ከታች ያሉት አሥር በዚህ ስሌት አርባ ያህል ይጨምራሉ።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። ኮምፒውተር ቁጥሮችን ስለሚቆርጥ፣ ከላይ በጣም ርቆ የቀረን አይገን ዋጋ አንዴ ካጠፋው በኋላ እንደገና ብቅ ሊልበትና ተጨማሪ እርምጃ ሊያስወጣው ይችላል።

የያኮቢ ማስተካከያ የማይረዳበትን ሁኔታም ማየት አለብን፤ ሁልጊዜ መለኪያ ብቻ አይደለም ችግሩ። አንድ ካሬ የብረት ሳህን ውስጥ ያለውን ሙቀት ለማስላት 100 በ100 በሆነ መረብ ላይ 10,000 ነጥቦች እንያዝ። የእያንዳንዱ ነጥብ እኩልታ «አራት ጊዜ የእኔ ሙቀት ሲቀነስ የአራቱ ጎረቤቶቼ ሙቀት» የሚል ነው። ዲያጎናሉ ሁሉ 4 ነው። በዲያጎናል ማካፈል ሁሉንም አይገን ዋጋ በ4 ያካፍላል፤ ጥምርታቸው ቅንጣት አይለወጥም፤ ኮንዲሽን ቁጥሩ 4,100 ገደማ እንደሆነ ይቆያል። እዚህ ችግሩ ያለው በጎረቤታሞች ግንኙነት ውስጥ ነው። አንድ እርምጃ ዜናን ከአንድ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ብቻ ያደርሳል፤ በሳህኑ ዳርና ዳር ተዘርግቶ ያለ ሰፊ ስህተት ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ትንንሾቹ አይገን ዋጋዎች የእነዚህ ሰፋፊ ስህተቶች ናቸው።

ለዚህ የሚሻለው በ1977 ማይሪንክና ፋን ደር ፎርስት ያቀረቡት ያልተሟላ ቾሌስኪ ነው። ሙሉው የቾሌስኪ ዘዴ A ን የአንዲት ሦስት ማዕዘን ማትሪክስ L እና የግልባጯ ብዜት አድርጎ ይጽፋታል፤ ዜሮዎቹ የሚሞሉትም በዚህ ጊዜ ነው። ያልተሟላው ያንኑ ስሌት ይሠራና A ዜሮ በሆነችበት ቦታ ሁሉ የሚመጣውን ቁጥር ይጥለዋል። የሚገኘው M ከ A ጋር እኩል አይደለም፤ ቅርብ ግን ነው። በመረባችን ላይ ስንሞክረው አብዛኞቹ አይገን ዋጋዎች 1 አካባቢ ይሰባሰባሉ፤ ከሰፋፊዎቹ ስህተቶች የመጡ ጥቂት ትንንሾች ግን ከታች ይቀራሉ። መረቡ እየደቀቀ ሲሄድ እነሱ ይበልጥ ወደ ዜሮ ስለሚጠጉ የእርምጃው ብዛት ማደጉን አያቆምም። እነዚያን ለመድረስ ስህተቱን ሻካራ በሆነ መረብ ላይ የሚያርም የመልቲግሪድ ዘዴ ይጨመራል።

ዋጋውንም አስቡት። በዚህ መረብ የ A እያንዳንዱ ረድፍ አምስት ቁጥር አለው። L እና ግልባጯ በረድፍ ሦስት ሦስት ስለሚይዙ Mz = r ን መፍታት A ን አንድ ጊዜ ከማባዛት ትንሽ ይበልጣል። አንዱ እርምጃ ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው፤ እርምጃዎቹ ከግማሽ በታች ካልወረዱ አላተረፍንም። M ን A ራሷን ብናደርግ በአንድ እርምጃ እንጨርሳለን፤ ግን Mz = r ያንኑ የሸሸነውን ሥራ ይመልስብናል።

ይህን ስትሠሩ ሦስት ነገሮች ይገጥሟችኋል። ኮንጁጌት ግራዲየንት M ሲሜትሪክና አይገን ዋጋዎቿ ሁሉ ከዜሮ በላይ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ያልተሟላ ቾሌስኪ ግን ቁጥር ስለሚጥል፣ በመንገዱ ላይ የኔጌቲቭ ቁጥር ካሬ ሥር ሊጠየቅ ይችላል፤ ስሌቱም እዚያ ይቆማል። መረባችንን በመሰሉ፣ ከዲያጎናል ውጭ ያለው ሁሉ ከዜሮ በማይበልጥባቸውና M-ማትሪክስ በሚባሉት ይህ እንደማይደርስ ማይሪንክና ፋን ደር ፎርስት አረጋግጠዋል። በሌሎች ከደረሰ ማንቶይፈል በ1980 እንዳሳየው ዲያጎናሉን ጥቂት ከፍ አድርጎ እንደገና መሥራት ነው። M የተበላሸች መሆኗን የምታውቁበት ሌላው ምልክት የ r እና የ z ብዜት ድምር ኔጌቲቭ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ያንን ቁጥር በየእርምጃው ተመልከቱት።

ሁለተኛው፣ A ሲሜትሪክ ካልሆነች ይህ ሁሉ የአይገን ዋጋ ትምህርት ዋስትና አይሆንም። ግሪንባውም፣ ፕታክና ስትራኮሽ በ1996 እንዳረጋገጡት፣ ለእነዚህ ማትሪክሶች በሚያገለግለው GMRES በተባለው ዘዴ፣ አይገን ዋጋዎቹ የትም ቢሰባሰቡ እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ የማይንቀሳቀስ ስሌት ማዘጋጀት ይቻላል። እዚያ መሰባሰብ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም።

ሦስተኛው መቼ እንደምናቆም ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚለኩት የተስተካከለውን ቀሪ z ን ነው። M ቀሪውን በጣም የምታሳንስ ከሆነች z ትንሽ ሆኖ r ትልቅ ሊሆን ይችላል። በምሳሌያችን ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ z በሦስተኛው ቦታ 0.375 ነበር፤ r ግን 7500። ስለዚህ ስሌቱ «ጨርሻለሁ» ሲል b − Ax ን ራሳችሁ አስሉና እዩ።

የምሳሌያችንን አይገን ዋጋዎች በኮምፒውተር ማየት የሚፈልግ ይህን በፓይተን ያስኪደው፦

```python
import numpy as np
A = np.array([[2, 10, 100], [10, 200, 1000],
              [100, 1000, 20000]], float)
d = np.diag(A)
print(np.linalg.eigvalsh(A))
print(np.linalg.eigvalsh(A / np.sqrt(np.outer(d, d))))
```

ከዚያ 20000 ን ወደ 11000 ለውጡና እንደገና አስኪዱት። ዲያጎናሉ አሁንም ይካፈላል፤ ነገር ግን ሁለቱ የ0.5 ዋጋዎች ይለያያሉ፤ ኮንጁጌት ግራዲየንትም ሦስተኛ እርምጃ ይፈልጋል።